አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት፦ አከራይን ለየቤቱ ቆጣሪ እንዲያስገቡ እንዴት እንጠይቅ?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ገብቶ የተከራየ ሰው ስለ ቤት ኪራዩ የሚከራከረው ሲገባ ነው። ስለ መብራቱ ግን በየወሩ ይከራከራል። ባለቤቶቹ በዋናው ቤት፣ ተከራዮቹ ከኋላ በተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ይኖራሉ፤ የሁሉም መብራት የሚያልፈው ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ “እንካፈላለን” ይባላል። በምን ተመዝኖ እንደሚካፈሉ ግን ሲገቡ የተነጋገረ የለም።

መካፈያው ከግቢ ግቢ ይለያያል። አንዳንዱ ግቢ በቤት ቁጥር እኩል ያካፍላል። አንዳንዱ በሰው ቁጥር ያሰላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከገጠር የመጣች እህት ወይም ለሁለት ሳምንት ያረፈ እንግዳ ይቆጠር አይቆጠር የሚል ክርክር ይነሣል። አምፖልና ሶኬት የሚቆጥርም አለ። ሁሉም ግምት ነው፤ የማናቸውንም ትክክለኛነት ማረጋገጥ አይቻልም። ማረጋገጥ ስለማይቻልም ባለቤቶቹ ወደ ክልከላ ይሄዳሉ፦ ምጣድ አይቻልም፣ ስቶቭ አይቻልም፣ ካውያ በሳምንት አንዴ። ተከራዩም የራሱን ክልከላ በልቡ ይይዛል፤ “የእነሱ ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ የሚያመሹት በእኔ ገንዘብ ነው” ይላል።

መፍትሔው ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው “የግል ቆጣሪ” የሚባለው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። ደግሞም ጥያቄው ለአንዳንድ አከራይ በየወሩ ተጨማሪ ብር የሚያስወጣ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳያውቅ አከራዩ ፊት የሚቀርብ ተከራይ አንድም “አይሆንም” ተብሎ ይመለሳል፣ አለዚያም ቆጣሪው ከገባ በኋላ ሌላ ዓይነት ጸብ ይጠብቀዋል።

ጸቡ ያለበትና ብሩ ያለበት

የመብራት ፍጆታ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ይህን ያህል ካወቅን በግቢ ውስጥ የሚነሡትን ክሶች በቁጥር መመዘን እንችላለን።

በብዙ ግቢ የመጀመሪያው ተከሳሽ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የተለመደው የቤት ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በግቢው ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚጎትተው እሱ ነው። በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበት ከሆነ በአንድ ጋገራ 7፣ በወር ደግሞ 28 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄድበታል። አንድ ሺህ ዋት የሆነ ስቶቭ ከምጣዱ ኃይል ሲሶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ወጥና ሻይ በየቀኑ ይሠራበታል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢበራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ምጣድ የተከለከለበት፣ ስቶቭ ግን የተፈቀደበት ግቢ የከለከለው አነስተኛውን ነው። ማቀዝቀዣም ድምፁ ሳይሰማ ቀንና ሌሊት እየጠፋና እየተነሣ በወር 30 ወይም 40 ኪሎዋት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ መጠኑና ዕድሜው ይወስነዋል።

በሌላው ጫፍ ሌሊቱን ሲበራ ያደረ አምፖል አለ። የዛሬ አሥር ዋት ኤልኢዲ አምፖል አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢበራ የሚቆጥረው 0.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ምጣዱ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ማለት ነው። በአምፖል የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎ የሰነበተበት ግቢ ጥቂት አይደለም። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዓይን የሚያየው ብርሃንን እንጂ ኃይልን ስላልሆነ ነው።

ሁለት ዓይነት ቆጣሪ

የመጀመሪያው ዓይነት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ራሱ የሚገጥመው፣ የራሱ የደንበኛ ቁጥርና የራሱ ሂሳብ ያለው ቆጣሪ ነው። ውሉ ከቤቱ ባለቤትነት ጋር ስለሚያያዝ ማመልከቻውን የሚያቀርቡት አከራዩ ናቸው፤ የይዞታ ማስረጃና መታወቂያ ይዘው በአካባቢያቸው ወደሚገኘው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ይሄዳሉ፣ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ግምት ይወጣል፣ ክፍያው ይፈጸማል። ተከራይ በራሱ ስም ሄዶ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ያልተከፈለ ሂሳብ ቢኖርም ተከራዩ ለቆ ከሄደ በኋላ የሚጠየቁት ባለቤቱ ናቸው።

ሁለተኛው የውስጥ ቆጣሪ ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገዛል፤ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ፣ ወደየቤቱ በሚሄደው መስመር ላይ ይገጠማል። መሥሪያ ቤቱ አያነበውም፤ ሂሳብም አያወጣለትም። የሚመጣው ሂሳብ እንደ በፊቱ አንድ ነው፤ የውስጥ ቆጣሪው ያ ሂሳብ በማን በማን ተሠርቶ እንደመጣ ይናገራል።

ልዩነቱ በወረቀቱ ብቻ አያበቃም፤ በዋጋም ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር ብዙ የሚጠቀም ቆጣሪ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ በየዓመቱ ከፍ እያለ በሄደው ታሪፍ የመጨረሻ ደረጃ ላይ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 0.273 ብር ነበር፤ ከ500 በላይ ለሆነው ፍጆታ ደግሞ 2.481 ብር። ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ የሚስተካከል አዲስ ታሪፍ ተተክቷል፤ የእርከኑ አሠራር ግን እንዳለ ነው።

አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ታዲያ ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። አንዲት አምፖልና ስልክ ቻርጀር ብቻ ያለው ተከራይ በራሱ ቆጣሪ ቢሆን ከታችኛው እርከን የማይወጣ ሆኖ ሳለ፣ በጋራው ቆጣሪ ግን የምጣዱንና የማቀዝቀዣውን ዋጋ ይጋራል። የውስጥ ቆጣሪ ይህን አያስተካክልም። መጠኑን በትክክል ያካፍላል፤ የዋጋውን እርከን ግን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ አከራዩን ከመጠየቃችሁ በፊት የምትፈልጉት የትኛውን እንደሆነ ለዩ። የመሥሪያ ቤቱ ቆጣሪ ለሁሉም ርካሽ ይሆናል፤ ጊዜና ሰነድ ግን ይጠይቃል። የውስጥ ቆጣሪ በአንድ ቀን ይገጠማል፤ ጸቡንም ያበርዳል።

የአንድ ግቢ አንድ ወር

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ግቢ እንውሰድ። በዋናው ቤት አከራይዋ ከአራት ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። በሰርቪስ ቤቶቹ ሦስት ተከራዮች አሉ፦ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት፣ ሁለት እኅትማማቾች፣ እንዲሁም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ አንድ ወጣት። የወሩ ጠቅላላ ፍጆታ 440 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሂሳቡም ለስሌት እንዲመች 1,980 ብር ይሁን። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 4.50 ብር መጣ ማለት ነው። እስካሁን ለአራት እኩል ሲካፈሉ እያንዳንዱ ቤት 495 ብር ይከፍል ነበር።

የውስጥ ቆጣሪ ገብቶ ሲነበብ ዋናው ቤት 190፣ ባልና ሚስቱ 130፣ እኅትማማቾቹ 75፣ ወጣቱ 25 ሆነ። ድምሩ 420 ነው። የቀረው 20 ኪሎዋት ሰዓት የበር መብራት፣ ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ፣ በመስመሩም ላይ የሚባክነው ነው፤ ይህን የጋራ ብለው 90 ብሩን ለአራት አካፈሉት፣ ለየቤቱ 22.50 ብር። እንግዲህ አከራይዋ 877.50፣ ባልና ሚስቱ 607.50፣ እኅትማማቾቹ 360፣ ወጣቱ 135 ብር ይከፍላሉ። ድምሩ ተመልሶ 1,980 ነው።

ቁጥሮቹን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ወጣቱ በወር 360 ብር፣ እኅትማማቾቹ 135 ብር ቀነሰላቸው። ባልና ሚስቱ ላይ 112.50 ተጨመረ። አከራይዋ ላይ ግን 382.50 ብር ተጨመረባቸው። እኩል መካፈሉ ሲጠቅም የኖረው ትልቁን ቤት ነው፤ ትልቁ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለቤቷ ነው። ተከራይ “ለሁላችንም የሚበጅ ነው” ብሎ ሲጠይቅ አከራይዋ የሚያመነቱት አንዳንዴ ስሌቱን በልባቸው ስለሚያውቁት ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው፣ ብቻቸውን በትልቅ ቤት የሚኖሩ አዛውንት የተከራዮቻቸውን ስቶቭ ሲከፍሉ የኖሩበት ግቢ ብዙ ነው። የራሳችሁ ግቢ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ገምቱ፤ አነጋገራችሁን የሚወስነው ይህ ነው።

ጥያቄው ሲቀርብ

አንድ ተከራይ ብቻውን ሂሳብ በመጣ ማግሥት፣ በንዴት የሚያነሣው ጥያቄ እንደ ክስ ይሰማል። ተከራዮቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይስማሙ። በተለይም ሂሳባቸው ሊጨምር የሚችለው ቤተሰብ ይህን አውቆ ይግባበት፤ ያለዚያ ቆጣሪው በገባ በወሩ “ተሳስቷል” የሚለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ይሆናል። ከዚያ ያለፉትን የሦስት ወይም የአራት ወር ሂሳቦች ሰብስቡ። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁም መስመሩን አሳዩና የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን በወረቀት ተቀበሉ። አከራይን “ቆጣሪ ያስገቡልን” ማለትና “ይህን ያህል ወጪ አለው፣ ይህን ያህሉን እኛ እንችላለን” ማለት እጅግ ይለያያሉ።

ንግግሩ ሂሳብ ባልመጣበት ቀን፣ ሰው በሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

“እትዬ፣ ጊዜ ካለዎት ስለ መብራቱ ልናነጋግርዎት ነበር። በየወሩ እርስዎንም እኛንም ከሚያነታርከን ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ብናስገባ ምን ይመስልዎታል?”

“ደግሞ ለዚህ ብር ላወጣ ነው? መብራት ኃይልስ ምን ይለኛል?”

“የመብራት ኃይሉን ቆጣሪ ማንም አይነካውም፤ ከእሱ ወዲህ ባለው በቤቱ መስመር ላይ ነው የሚገጠመው። ዋጋውን ኤሌክትሪሻኑ ጽፎ ሰጥቶናል፣ ይኸው። የእጁን እኛ እንከፍላለን። ቆጣሪው የቤቱ ዕቃ ስለሆነ እኛ ስንወጣም ለእርስዎ ይቀራል።”

ከገንዘቡ ባሻገር አከራዮች የሚፈሯቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። አንዱ ተከራዩ በቆጣሪው ሰበብ በቤቱ ላይ መብት ያነሣል የሚል ነው። የውስጥ ቆጣሪ በማንም ስም አይመዘገብም፤ የመሥሪያ ቤቱም ቢሆን በባለቤቱ ስም ይቆያል፤ ይህን አስረዷቸው። ሁለተኛው “ለራሴ ነው የምከፍለው” ያለ ተከራይ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መስመሩ ይቃጠላል የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ስጋት ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሌቱ አከራይዋን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ አትደብቁት። የተደበቀ ነገር በመጀመሪያው ወር ንባብ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ቆጣሪውን ያስነቅላሉ። ይልቅ የሚቀንስላቸው ተከራዮች የቆጣሪውን ግዢ ይሸፍኑ፤ ከላይ ባየነው ግቢ ወጣቱ በየወሩ ከሚተርፈው 360 ብር ከፊሉን ለጥቂት ወራት ለዚህ ቢያውል አይጎዳም። አከራይዋም የሚያገኙት ነገር አለ፦ ምጣድ የሰካ ማን ነው እያሉ መቆጣጠር ይቀርላቸዋል፣ ተከራይ ሲወጣ የመጨረሻውን ሂሳብ በንባብ ያስከፍላሉ፣ በመብራት ጭቅጭቅ የሚለቅ ጥሩ ተከራይም አያጡም።

ሲገጠም የሚበላሹ ነገሮች

የቆዩ ግቢዎች መስመር ከቤት ወደ ቤት እየተቀጠለ የተዘረጋ ነው። ሦስተኛው ሰርቪስ ቤት ሲሠራ መብራቱ ከሁለተኛው ተጎትቶለታል፤ የኩሽናው ሶኬት ደግሞ ከዋናው ቤት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ቆጣሪ ቢገጠም የአንዱን ፍጆታ በሌላው ስም ይቆጥራል። ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑ ከዋናው ቆጣሪ አጠገብ የማከፋፈያ ሳጥን አስቀምጦ፣ ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ፣ የራሱን ብሬከርና ሳይቀጠል የሚሄድ የራሱን መስመር ማውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ከቆጣሪው ይልቅ ገመዱ ነው ብር የሚበላው።

ስለ መቃጠሉ የተነሣው ስጋትም እዚህ ይፈታል። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ስቶቭ ሲጨመር ከ20 ያልፋል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም፤ ይሞቃል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ለምጣድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ለእሱ የሚመጥን ብሬከር ይፈለጋል። ሁለት ሦስት ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢሰካ ዋናው ብሬከር ሊወርድ ስለሚችል የጋገራ ቀን መከፋፈል ከቆጣሪ በኋላም ይቀጥላል። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የላስቲክ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የሚቀድመው እሱን ማስተካከል ነው።

በሥራው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ቆጣሪና ማኅተሙን ማንም መንካት የለበትም። ማኅተሙ የተበጠሰ ቆጣሪ ማን እንደበጠሰው ሳይጠየቅ በባለቤቱ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ሥራው ሲያልቅ ኤሌክትሪሻኑ ሳይሄድ ሁለት ፍተሻ አድርጉ። ለመጀመሪያው፣ በአንዱ ቤት ያለውን ሁሉ ንቀሉ፣ አምፖሉንም አጥፉ፤ ከዚያ የዚያን ቤት ቆጣሪ ተመልከቱ። የዲጂታል ቆጣሪ ኃይል ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ትንሽ ቀይ መብራት አለው። ሁሉ ተነቅሎ ሳለ ብልጭ ካለ የሌላ ሰው ሶኬት በዚያ መስመር ላይ አለ፤ ወይም መስመሩ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሁለተኛው ፍተሻ የቆጣሪው ትክክለኛነት ነው። በቆጣሪው ፊት ላይ ለምሳሌ 1600 imp/kWh ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ ይላል ማለት ነው። አንድ ሺህ ዋት ስቶቭ ብቻ ሰክታችሁ አንድ ደቂቃ ብትቆጥሩ 26 ወይም 27 ብልጭታ መምጣት አለበት። የኃይሉ መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ ሠላሳ አምስት ወይም አሥራ አምስት ከሆነ ግን ቆጣሪውን መልሱት።

ንባቡና “ቀሪው”

ብዙ ግቢ ቆጣሪ አስገብቶ እንደገና የሚጣላው በንባብ ቀን ነው። ዋናው ቆጣሪ በወሩ በ5፣ የውስጦቹ በ12 ከተነበቡ ድምሩ በፍጹም አይገጥምም። ዋናውንና የውስጦቹን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው ለሁሉም ይላክ፣ ቁጥሩም በአንድ ደብተር ይጻፍ። ሂሳቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል ማረጋገጫውም ይላክ። ዋናው ቆጣሪ ካርድ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ በየሙሌቱ የተከፈለውን ብር ለተገኘው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት፤ የአንዱ ዋጋ ያ ነው።

በዋናው ንባብና በውስጦቹ ድምር መካከል ሁልጊዜ ቀሪ ይኖራል። በምሳሌአችን ከ440 ውስጥ 20 ነበር። ይህ ቀሪ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ቆጣሪው አዲስ ጸብ ወለደ ማለት ነው። አንዳንድ ግቢ ወጪ ለመቀነስ ለተከራዮቹ ብቻ ቆጣሪ ይገጥምና የቀረውን ሁሉ የባለቤቷ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን የበር መብራቱም ፓምፑም ብክነቱም በእሳቸው ላይ ይወድቃል፤ እሳቸውም ቁጥሩን ማመን ያቆማሉ። ለዋናው ቤትም ቆጣሪ ማስገባት ተጨማሪ ወጪው የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ቀሪው ከወር ወር ተመሳሳይ ሆኖ ከቆየ ጤነኛ ነው። በድንገት እጥፍ ከሆነ ግን የሆነ ሰው ከቆጣሪ በፊት መስመር ቀጥሏል ወይም ፓምፑ ሳይጠፋ እየሠራ ነው፤ መጀመሪያ ፓምፑን እዩ።

ውሃውስ?

ለውሃም የውስጥ ቆጣሪ አለ፤ ለሁሉም ግቢ ግን አይሠራም። የጋራ ሽንት ቤትና የጋራ የግቢ ቧንቧ ባለበት የትኛው ውሃ የማን እንደሆነ ቆጣሪ ሊለይ አይችልም፤ እዚያ በሰው ቁጥር መካፈሉ ይሻላል። ለየቤቱ የራሱ ኩሽናና ሻወር ካለው ግን ከሮቶው በሚወጣው መስመር ላይ ለየቤቱ ይገጠማል። ከመንገድ በሚገባው ቧንቧ ላይ ከተገጠመ ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። የውሃ መለኪያው ሜትር ኪዩብ ነው፤ አንዱ ሃምሳ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ የቆጣሪዋ መርፌ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው።

በወረቀት ላይ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ አከራይ ኪራይን በፈለገው ጊዜ እንዳይጨምርም ይገድባል። ይህ ለቆጣሪው ጉዳይ ሁለት ትርጉም አለው። አከራይዋ ያወጡትን ወጪ “ኪራይ ጨምሬ እመልሰዋለሁ” ማለት ስለማይችሉ፣ ማን እንደሚከፍል ለብቻው መነጋገር ግድ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ውል ስላለ ደግሞ ስምምነቱን ከውሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ቆጣሪው የቤቱ ንብረት መሆኑ፤ ወጪውን ማን ምን ያህል እንደከፈለ፣ ተከራዩ ከከፈለ ደግሞ ከኪራይ ይቀነስለት እንደሆነ ወይም እንደማይቀነስ፤ ንባቡ በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የወሩ ሂሳብ ለዋናው ንባብ ተካፍሎ የሚገኘው መሆኑና አከራይም ተከራይም ከዚያ አስበልጠው እንደማያስከፍሉ፤ ቀሪው እንዴት እንደሚካፈል፤ ምጣድ መቼ እንደሚፈቀድ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ተከራይ ሲገባና ቁልፍ ሲመልስ የቆጣሪው ቁጥር ይነበባል፣ ሁለቱም ይፈርሙበታል። ይህ ፊርማ ከሌለ አዲሱ ተከራይ የበፊቱን ሰው ፍጆታ ይዞ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ወር ሂሳብም ተመልሶ ጭቅጭቅ ይሆናል።